ከጀሞ እስከ ሳሪስ ማንን እንጠይቅ? መጠይቅ ማዘጋጀትና ናሙና መምረጥ ለአነስተኛ የቢዝነስ ጥናት

በአዲስ አበባ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የቢዝነስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ደጋግመው ከሚመርጧቸው ርዕሶች አንዱ ጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች ናቸው። ንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ለእንዲህ ያለ ጥናት ይመቻል። በጀሞ ኮንዶሚኒየሞች የምድር ወለል ሱቁ፣ ካፌውና ፀጉር ቤቱ ጎን ለጎን ነው። ወደ ላፍቶና ሃና ማርያም፣ ወደ ሳሪስና ጎፋ ሲኬድ ደግሞ እንጨትና ብረታ ብረት ቤቶች፣ ጋራዦችና ልብስ ሰፊዎች ይገኛሉ። ለተማሪ በእግርና በታክሲ የሚዳረስ፣ የሥራ ዓይነቱም የተሰባጠረ አካባቢ ነው።

ከእነዚህ ጽሑፎች የብዙዎቹ ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አይጠፋም፦ «በያማኔ ቀመር መሠረት የናሙናው ብዛት ይህን ያህል ሆኗል»። ቁጥሩ በትክክል ተሰልቷል፣ ቀመሩም ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ግን እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደተመረጡ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ የሚገኘው «በዘፈቀደ ተመርጠዋል» የሚል አንድ መስመር ነው። አጥኚው በተግባር ያደረገው አስፋልት ዳር ያሉትን፣ በሩን ከፍቶ የቆመውን፣ «እሺ ግባ» ያለውን መጠየቅ ነው። ያማኔ ስንት ሰው እንደሚበቃ እንጂ የትኛውን ሰው እንደምንጠይቅ አይነግረንም። የጥናቱን ዕጣ የሚወስነው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንከተለው። አንዲት ተማሪ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ውስጥ ሁለት ወረዳዎችን ይዛ፣ ትንንሽ ድርጅቶች የሥራ ማስኬጃ ገንዘብ ከየት እንደሚያገኙና ከመደበኛ አበዳሪ የማይበደሩት ለምን እንደሆነ ማወቅ ፈለገች እንበል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የድርጅት ቁጥሮች ለማስረዳት የወሰድኳቸው ናቸው፤ የየትኛውም ወረዳ መዝገብ አይደሉም። አሠራሩ ግን ለማንኛውም ወረዳ ያው ነው።

መዝገቡ ማንን ይዟል?

መጀመሪያ «ትንሽ ድርጅት» ስንል ማንን ማለታችን እንደሆነ ይወሰን። በ2003 ዓ.ም. የወጣው የጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ልማት ስትራቴጂ መለኪያ አለው። ባለቤቱንና የቤተሰብ አባላትን ጨምሮ እስከ 5 ሰው የሚያሠራ፣ ካፒታሉም በኢንዱስትሪ ዘርፍ ከ100 ሺህ ብር፣ በአገልግሎት ዘርፍ ከ50 ሺህ ብር የማይበልጥ ድርጅት ጥቃቅን ይባላል። ከ6 እስከ 30 ሰው የሚያሠራና ካፒታሉ በኢንዱስትሪ እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ በአገልግሎት እስከ 500 ሺህ ብር የሚደርስ ደግሞ አነስተኛ ነው። ብር ከዚያ ወዲህ ዋጋው በእጅጉ ስለወረደ በካፒታል መለየት ዛሬ ብዙም አያስኬድም። አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ማሽን ብቻውን ከጥቃቅን ክልል ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ በሠራተኛ ቁጥር መለየትንና ይህንኑ ምክንያት በጽሑፉ ውስጥ በግልጽ ማስቀመጥን እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የሚያስፈልገው ዝርዝር ነው። ተማሪዋ ከኮሌጇ የትብብር ደብዳቤ ይዛ ወደ ወረዳው የአንድ ማዕከል አገልግሎት መስጫ ጣቢያ ትሄዳለች፤ እዚያም የተመዘገቡ ኢንተርፕራይዞች መዝገብ ታገኛለች። መዝገቡ ድርጅቶቹን በዘርፍ ይከፍላቸዋል፦ ማኑፋክቸሪንግ፣ ኮንስትራክሽን፣ ንግድ፣ አገልግሎትና የከተማ ግብርና። ብዙ አጥኚዎች ይህን ወረቀት እንዳገኙ ቀጥታ ወደ ቀመሩ ይገባሉ። እዚህ ላይ ግን ቆም ብሎ መዝገቡ ማንን እንደያዘና ማንን እንዳልያዘ መጠየቅ ያስፈልጋል።

መዝገቡ በሁለት በኩል ይጎድላል። በአንድ በኩል የሌሉ ድርጅቶች በውስጡ ይኖራሉ፤ የፈረሱ፣ ሼዱን ለቀው የሄዱ፣ ስማቸው ብቻ የቀረ። በሌላ በኩል ያሉ ድርጅቶች በውስጡ የሉም፤ በመንግሥት ፕሮግራም ሳይደራጁ በራሳቸው ንግድ ፈቃድ የሚሠሩ፣ ከነጭራሹ ፈቃድ የሌላቸው፣ ቤታቸው ውስጥ እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያቀርቡ ሴቶች። ይህ ሁለተኛው ጉድለት ለገንዘብ ምንጭ ጥናት ከባድ ነው። በመንግሥት ፕሮግራም የተደራጀ ሰው ወደ ብድር የሚወስደው መንገድ ከሌላው ይልቅ ክፍት ነው፤ መዝገብ ውስጥ ያለ ሁሉ ለመደበኛ ብድር ከጎረቤቱ የቀረበ ሊሆን ይችላል። በዚህ መዝገብ ብቻ ተሠርቶ «በክፍለ ከተማው ያሉ ትንንሽ ነጋዴዎች» ብሎ መደምደም ያልተጠየቁ ሰዎችን መልስ መፈልሰፍ ይሆናል።

የዚህ ስህተት ትልቁ ምስክር የአሜሪካው «ሊተራሪ ዳይጀስት» መጽሔት ነው። በ1936 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዋዜማ መጽሔቱ ከ10 ሚሊዮን በላይ የድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ ልኮ ከ2 ሚሊዮን በላይ መልስ ሰበሰበ፤ ዕጩው ላንደን ያሸንፋል ብሎም ተነበየ። ያሸነፈው ሩዝቬልት ነው፤ ያውም ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን ጠቅልሎ። አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተወሰዱት ከስልክ ደንበኞችና ከመኪና ባለቤቶች መዝገብ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ደግሞ ስልክና መኪና ያለው ድሃው አልነበረም። ካርዱን ሞልተው የመለሱትም ካልመለሱት የተለየ ስሜት ነበራቸው። 2 ሚሊዮን መልስ ያላዳነው ጥናት በ200 መልስ አይድንም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው የጥናቱን ስፋት ከመዝገቡ ጋር ማስተካከል ነው፤ ርዕሱ ላይ «የተመዘገቡ ኢንተርፕራይዞች» ብሎ መጻፍና መደምደሚያውን በዚያው መገደብ። ሁለተኛው ዝርዝሩን ራስ መሥራት ነው። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የቤተሰብ ጥናት ሲያካሂድ በመጀመሪያ የቆጠራ ቦታዎችን በዕጣ ይመርጣል፤ ቀጥሎ በተመረጡት ቦታዎች ቤቶቹን አንድ በአንድ ይመዘግባል፤ የሚጠየቁትን ቤተሰቦች የሚመርጠው ከዚያ አዲስ ምዝገባ ነው። ተማሪዋም በትንሹ ይህንኑ ማድረግ ትችላለች። በጀሞ ያሉ ብሎኮችን ቆጥራ ጥቂቶቹን በዕጣ ታወጣለች፤ በወጡት ብሎኮች ዙሪያ ያለውን ሱቅና ወርክሾፕ ሁሉ በእግሯ ዞራ ትመዘግባለች። ይህ ድካም ለሁለት ሰው የጥቂት ቀን ሥራ ነው። የሚሰጠው ግን መዝገብ ቤት የማያውቀውን ነጋዴ ጭምር ነው። በአንድ ብሎክ ያሉ ነጋዴዎች ተመሳሳይ ስለሚሆኑ ትክክለኛነቱ ትንሽ እንደሚቀንስ ማወቅና ብሎኮቹን መጨመር ያስፈልጋል። አሥር ብሎክ ወስዶ ከእያንዳንዱ ጥቂት መጠየቅ፣ ሁለት ብሎክ ወስዶ ሁሉንም ከመጠየቅ ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ከየትኛውም መንገድ ጋር ይሄዳል። ዛሬ ክፍት የሆነ ድርጅት ብቻ ተጠይቆ «ድርጅቶች የሚፈርሱት ለምንድን ነው?» የሚለውን መመለስ አይቻልም። የፈረሱት መልስ ሊሰጡ አልመጡም። ያሉት የሚናገሩት ስለ ችግራቸው ነው፤ ያ ችግር ግን አላፈረሳቸውም።

ስንትና እንዴት

ተማሪዋ የተመዘገቡትን ለማጥናት ወሰነች እንበል፤ ከሁለቱ ወረዳዎች 640 ድርጅቶች አገኘች። ታሮ ያማኔ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባሳተመው የስታቲስቲክስ መጽሐፍ የታወቀው ቀመር ይህ ነው፦

```
n = N / (1 + N × e²)
```

`N` የድርጅቶቹ ጠቅላላ ብዛት ነው። `e` ደግሞ ልንታገሠው የምንችለው የስህተት ስፋት ነው። `e` 0.05 ሲሆን 640 ለ2.6 ይካፈልና 247 ይመጣል። `e` 0.07 ሲሆን ወደ 155 ይወርዳል። 0.05 የተቀደሰ ቁጥር አይደለም። በቀን ስድስት ሰው በወጉ ማነጋገር ከተቻለ 247 ሰው ከ40 ቀን በላይ ይወስዳል፤ 155 ግን በ26 ቀን ያልቃል። 155 ሰው በሥርዓት አግኝቶ ማነጋገር፣ ለ247 ሰው ወረቀት በትኖ ከመሮጥ በብዙ ይበልጣል። ሰፋ ያለ ስህተት መርጦ ምክንያቱን መጻፍ ነውር የለውም።

ቀመሩ የሚሠራበትን ሁኔታ ማወቅ ግን ግድ ነው። ቀመሩ የሚያስበው ከ640ው እያንዳንዱ እኩል የመመረጥ ዕድል እንዳለው ነው። የሚያገለግለውም «ስንት በመቶው ተበድሯል?» ለሚል ዓይነት ጥያቄ ነው። ዕጣ ሳይወጣ መንገድ ዳር ያሉትን ጠይቆ ይህን ቀመር መጥቀስ ትርጉም የለውም።

ዕጣው ራሱ ቀላል ነው። 640ውን ስም በኤክሴል አስገብቶ ከጎኑ `=RAND()` ብሎ እስከ ታች መሙላት፤ የወጡትን ቁጥሮች ኮፒ አድርጎ በዚያው ቦታ ቁጥሩን ብቻ መለጠፍ፤ ከዚያ በዚያ ዓምድ ቅደም ተከተል መደርደርና የላይኛዎቹን 155 መውሰድ። ቁጥሩን ብቻ መለጠፉ አይዘንጋ፤ አለበለዚያ ፋይሉ በተነካ ቁጥር ዕጣው ይለወጣል፤ ማን እንደወጣም ማስረዳት አይቻልም።

በየአራተኛው ሱቅ እየገቡ መጠየቅም የታወቀ ዘዴ ነው፤ መነሻው በዕጣ ከወጣ ጥሩ ይሠራል። አደጋው ዝርዝሩ ወይም የሱቆቹ አቀማመጥ ተደጋጋሚ ቅርጽ ሲኖረው ነው። በአንድ የኮንዶሚኒየም ረድፍ በየአራት ሱቁ የማዕዘን ሱቅ ቢገኝ፣ የተጠየቀው ሁሉ ኪራዩ ውድ የሆነው የማዕዘን ነጋዴ ይሆናል፤ ወይም አንድም የማዕዘን ነጋዴ አይገኝም።

ዘርፎቹ በገንዘብ ፍላጎት ስለሚለያዩ ተማሪዋ በየዘርፉ ከፍላ ዕጣ ማውጣት ትመርጣለች። ከ640ው 160ው ማኑፋክቸሪንግ፣ 80ው ኮንስትራክሽን፣ 200ው ንግድ፣ 180ው አገልግሎት፣ 20ው የከተማ ግብርና ቢሆኑ፣ 155ቱ እንደ ድርሻቸው ሲደለደሉ 39፣ 19፣ 48፣ 44 እና 5 ይሆናሉ። ይህ ክፍፍል በድንገት አንዱ ዘርፍ እንዳይቀር ይጠብቃል። ነገር ግን 5 የከተማ ገበሬ ይዞ ስለ ከተማ ግብርና ምንም ማለት አይቻልም፤ አንድ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ውጤቱ በ20 በመቶ ይዘላል። በዚህ ጊዜ ወይ ስለ ዘርፉ ለብቻው አለመናገር፣ ወይ ሃያዎቹንም መጠየቅ ነው። ሃያዎቹ ከተጠየቁ የሁሉም ዘርፍ ድምር ውጤት ሲሰላ ክብደታቸው መስተካከል አለበት፤ እያንዳንዱ የከተማ ገበሬ ራሱን ብቻ ሲወክል፣ እያንዳንዱ ነጋዴ ከአራት በላይ ነጋዴ ይወክላልና። ይህ እርምጃ ሲዘለል ትንሹ ዘርፍ ሳይገባው ጠቅላላውን ውጤት ይጎትታል።

ጥያቄው ሲጻፍ

ብዙ መጠይቆች በእንግሊዝኛ ተጽፈው፣ በአማካሪው ጸድቀው፣ በመጨረሻው ሌሊት ወደ አማርኛ ይገለበጣሉ። የሚወጣው ጽሑፍ ለአጥኚው የሚገባ፣ ለብረት በያጁ ግን እንግዳ የሆነ አማርኛ ነው። «የፋይናንስ ተደራሽነት በድርጅትዎ አፈጻጸም ላይ ተጽዕኖ አሳድሯል» ለሚል ዓረፍተ ነገር «በጣም እስማማለሁ» የሚል ምልክት ያደረገ ሰው ምን ብሎ እንደመለሰ እሱም አጥኚዋም አያውቁም። ጥያቄውን መጀመሪያ በአማርኛ ማሰብ፣ ለአማካሪው ደግሞ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሰው ማድረግ ይሻላል። የተመለሰው እንግሊዝኛ ከታሰበው ከራቀ ችግሩ እዚያው ይታያል።

«ድርጅትዎ ስንት ሠራተኛ አለው?» የምትለዋን ትንሽ ጥያቄ እንይ። የጋራዥ ባለቤቱ «ሁለት» ይላል። ራሱን አልቆጠረም። ሒሳብ የምትይዝለትን ባለቤቱን አልቆጠረም። ከገጠር መጥቶ አብሮት የሚኖረውንና ሙያ የሚለምደውን የእህቱን ልጅም አልቆጠረም። በስትራቴጂው ትርጉም ግን እነዚህ ሁሉ ይቆጠራሉ፤ ድርጅቱ ባለ 5 ሰው ነው። አንድ ሰው ከተጨመረ ከጥቃቅን ወደ አነስተኛ ይሻገራል። ስለዚህ ጥያቄው ይከፈል፦ «እርስዎን ጨምሮ እዚህ የሚሠሩ ባለቤቶች ስንት ናቸው? ደመወዝ ቢከፈላቸውም ባይከፈላቸውም አዘውትረው የሚሠሩ የቤተሰብ አባላትስ? ሌሎች በደመወዝ የሚሠሩስ? ሥራ ሲበዛ ብቻ በቀን የሚጠሩስ?» ድምሩን አጥኚዋ ትሠራዋለች።

ከዚህ የሚከብደው የብድሩ ጥያቄ ነው። «ብድር ወስደው ያውቃሉ?» ሲባል ብዙ ሰው «አላውቅም» ይላል፤ እውነቱንም ነው። በአእምሮው ብድር ማለት ባንክና የቤት ካርታ ነው። ከጅምላ ነጋዴ በዱቤ ያነሳው ዕቃ፣ ከአጎቱ የተቀበለው ገንዘብ፣ ቀድሞ የወጣለት ዕቁብ፣ በስልኩ ከቴሌብር መላ ወይም እንደኪሴ የወሰደው ጥቂት ሺህ ብር በብድር ስም አይታሰቡም። ለዚህ ጥናት ግን ዋናው ነገር እነዚሁ ናቸው። ስለዚህ «ብድር» የሚለው ቃል ከጥያቄው ይውጣና በየምንጩ «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት ይሁን፦ «ከባለፈው ሐምሌ 1 ወዲህ ለሥራው ማስኬጃ ከሚከተሉት ቦታዎች ገንዘብ ወይም ዕቃ ወስደዋል? ከባንክ፤ ከአዲስ ብድርና ቁጠባ ወይም ከሌላ ማይክሮፋይናንስ፤ በስልክ፤ ከዕቁብ፤ ከዘመድ ወይም ከጓደኛ፤ ዕቃ ከሚያቀርብልዎት ነጋዴ በዱቤ፤ ከሌላ ግለሰብ በወለድ።» የመጨረሻው አገላለጽ ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። «አራጣ» ተብሎ ቢጻፍ፣ አራጣ ማበደር በሕግ የሚያስቀጣ ስለሆነ፣ ማንም «አዎ» አይልም።

በጥያቄው ውስጥ «ከባለፈው ሐምሌ 1 ወዲህ» የሚለው ሐረግም ሥራ አለው። «ባለፈው ዓመት» ሲባል አንዱ ከመስከረም ይቆጥራል፤ ሌላው ግብር እንደሚከፍልበት በጀት ዓመት ከሐምሌ ይቆጥራል፤ ሌላው ደግሞ ከዛሬ አሥራ ሁለት ወር በፊት ያለውን ያስባል። አንድ የታወቀ ቀን መጥቀስ ሁሉንም በአንድ ልክ ያስቆጥራል።

ሁለት ነገርን በአንድ ጥያቄ መጠየቅ በየመጠይቁ የሚታይ ችግር ነው። «የብድር አሰጣጡ ፈጣንና ፍትሐዊ ነው» ለሚለው፣ ፈጣን ነው ግን ፍትሐዊ አይደለም ብሎ የሚያምን ሰው የሚያመለክትበት ቦታ የለውም። በአማርኛ ከዚህ የሚብሰው አሉታዊ ዓረፍተ ነገር ነው። «የብድር ዋስትና ማቅረብ አስቸጋሪ አይደለም» የሚለው ተነቦላቸው ሰዎች «አልስማማም» ሲሉ፣ ግማሹ «አዎ ከባድ ነው» ማለቱ ነው፤ ግማሹ «አይ፣ አይከብድም» ማለቱ ነው። መልሱ ከወረቀቱ ላይ ሊለይ አይችልም። «ዋስትና ማቅረብ ለእርስዎ ምን ያህል ይከብዳል? ምንም አይከብድም፣ ትንሽ ይከብዳል፣ በጣም ይከብዳል፣ ሞክሬ አላውቅም» ብሎ መጠየቅ ከዚህ ሁሉ ያድናል። «ሞክሬ አላውቅም» የምትለዋ ምርጫ እንዳትቀር። እሷ ከሌለች ባንክ በር ደርሶ የማያውቅ ሰው የሰማውን እንደ ልምዱ ይመልሳል።

ሽያጭና ገቢ መጨረሻ ላይ ይጠየቁ፤ በደፈናው ቁጥር ሳይሆን በየክልሉ ከተከፈለ ምርጫ ላይ፣ «በአንድ በተለመደ ሳምንት» ተብሎ። የበዓል ሰሞን ሽያጭ ከተለመደው ሳምንት ጋር አይገናኝም። ያም ሆኖ ነጋዴው ዝቅ አድርጎ እንደሚናገር መጠበቅ ነው። «ግብር ሰብሳቢ ልኳት ይሆን?» የሚለው ሐሳብ ደብዳቤ ቢታይም አይጠፋም። የጥናቱ ጥያቄ ያለ ገቢ ቁጥር ሊመለስ ከቻለ፣ ጥያቄውን ከነጭራሹ ማስወጣት የሌሎቹን መልሶች እውነተኛነት ይጠብቃል። እኔ ብሆን አስወጣዋለሁ።

መጠይቁ ከመታተሙ በፊት በናሙናው ውስጥ ባልገቡ አሥር ያህል ነጋዴዎች ይሞከር፤ ከጥናቱ ውጪ ባለ ወረዳ፣ ለምሳሌ ጥናቱ ጀሞ ከሆነ ጎፋ ላይ። ሙከራው መልስ ለመሰብሰብ አይደለም። ከእያንዳንዱ ጥያቄ በኋላ «ይህን ሲሰሙ ምን አሰቡ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየው ጥያቄውን ካስደገመ፣ «ማለት?» ካለ፣ ወይም መልሱ ከጥያቄው ከራቀ ጥያቄው እንደገና ይጻፍ። ብዙ ተማሪዎች በዚህ ደረጃ መልሱን ኤስፒኤስኤስ ውስጥ አስገብተው የክሮንባክ አልፋ ከ0.7 በላይ መሆኑን ብቻ ይዘግባሉ። አልፋ የሚለካው ጥያቄዎቹ እርስ በርስ መያያዛቸውን ነው። አምስት ጥያቄዎች በሙሉ በተመሳሳይ መንገድ በስህተት ቢተረጎሙም አልፋው ከፍ ብሎ ይወጣል።

በር ላይ

የአጠያየቁም መንገድ መልሱን ይለውጣል። መጠይቁን ሱቅ ውስጥ ትቶ «ነገ እመለሳለሁ» ማለት የተለመደ ነው፤ ነገ የሚመለሰው ወረቀት ግን የማን እንደሆነ አይታወቅም። ባለቤቱ ለሻጩ ይሰጠዋል፤ ሻጩ ስለ ድርጅቱ ብድር የሚያውቀው የለም፤ ግን ባዶ ላለመመለስ ይሞላዋል። ሁሉም መልስ በአንድ ዓምድ ላይ ቀጥ ብሎ ከወረደ ሳይነበብ እንደተሞላ ምልክት ነው። በዱቤና በዕቁብ ላይ ያተኮረ መጠይቅ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ አጥኚዋ እያነበበችና እየጻፈች ቢሞላ ይመረጣል። በኅብረት ለተደራጁ ድርጅቶች ደግሞ ከአባላቱ ማን እንደሚጠየቅ አስቀድሞ ይወሰን፤ የሒሳብ ያዡ መልስና የሊቀመንበሩ መልስ አንድ ላይሆን ይችላል።

ሌላው ብዙ የማይነገርለት ነገር አብሮ የሚሄደው ሰው ነው። የወረዳው ባለሙያ ደግ ሆኖ «ነይ ላሳይሽ፣ እኔ አውቃቸዋለሁ» ሲል መንገዱ ይቀላል። ነገር ግን ያ ባለሙያ ሼድ በማከፋፈል፣ ለብድር በመመልመል፣ ወደ ባዛር በማስገባት ሥራ ላይ እጁ አለበት። እሱ ቆሞ እየሰማ «የወረዳው ድጋፍ እንዴት ነው?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው የሚመልሰው ሼዱን እያሰበ ነው። ባለሙያው ቦታውን አሳይቶ ይመለስ። የመግቢያው ንግግርም አጭርና እውነተኛ ይሁን፦ «ከኮሌጅ ነው የመጣሁት፣ ለመመረቂያ ጥናት ነው። ከገቢዎችም ከወረዳም አይደለሁም። የተመረጡት በዕጣ ነው። ስምዎ አይጻፍም። መመለስ ካልፈለጉ ማለፍ ይችላሉ።» ይህን ብሎ ስልክ ቁጥርና የንግድ ፈቃድ ቁጥር መጠየቅ ግን ቃልን ማፍረስ ነው።

ዕጣ የወጣለት ሱቅ ተዘግቶ ሲገኝ የሚቀናው ጎረቤቱን መጠየቅ ነው። ይህ ዕጣውን ያፈርሰዋል፤ ሁልጊዜ ክፍት የሆነው ሱቅ ሁልጊዜ ከሚዘጋው የተሻለ የቆመ ሊሆን ይችላልና። ሦስት ጊዜ በተለያየ ቀንና ሰዓት መመለስ፣ አንዱን ከሰዓት በኋላ፣ አንዱን ቅዳሜ ማድረግ ነው። ተጠባባቂ ካስፈለገም ከዚያው ዘርፍ፣ ከዚያው ዕጣ ቀጥሎ የወጣው ስም ይወሰድ። ለእያንዳንዱ ሙከራ ቀኑንና የሆነውን የምትጽፍበት አንድ ሰንጠረዥ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይኑራት።

በመጨረሻ በጽሑፉ መግባት ያለበት ያ ሰንጠረዥ ነው። ተማሪዋ ከ155ቱ 14ቱ ፈርሰው ወይም ቦታ ለቀው አገኘች፣ 9ኙን በሦስት ሙከራ አላገኘችም፣ 6ቱ እምቢ አሉ፣ 126ቱ መለሱ እንበል። ከነበሩት 141 ድርጅቶች 89 በመቶው መልሰዋል ማለት ነው። ከመለሱት 32ቱ ከባንክ ወይም ከማይክሮፋይናንስ ገንዘብ ወስደው ከሆነ ይህ 25 በመቶ ነው፤ በዚህ ናሙና ላይ የስህተቱ ስፋት ወደ 7 ነጥብ ስለሆነ እውነተኛው ቁጥር ከ18 እስከ 32 በመቶ መካከል እንደሚገኝ ተደርጎ ይጻፋል። ሁለቱ ወረዳዎች 23 እና 27 በመቶ ቢያሳዩ አንዱ ይበልጣል ማለት አይቻልም፤ በየወረዳው ያለው ናሙና ግማሽ ስለሆነ የስህተቱ ስፋት ከ7ም ይሰፋል። ዱቤና ዕቁብ ግን 60 በመቶ ላይ ቢገኙ ከ25ቱ ጋር ያለው ርቀት በስህተት ስፋት የሚሸፈን አይደለም፤ እዚያ ላይ በልበ ሙሉነት መናገር ትችላለች። 14ቱ የጠፉት ድርጅቶችም ዘርፋቸውና የተመዘገቡበት ዓመት በመዝገቡ ላይ ስላለ፣ ከቀሩት በምን እንደሚለዩ በአንድ አጭር ሰንጠረዥ ከውጤቱ ጎን ይቀመጣል።